የሀሎ ጆሮ

ሰፈሩ ሁሉ «ሀሎ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞራል እንጂ ማንም አይጠራበትም። ይህን ስም የለጠፈበት ከጎኑ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እያየ «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» የሚል ሰው ሌላ ምን ተብሎ ይጠራል? መጀመሪያ ሰሞን ተቆጣ። ኋላ ሲጠሩት «አቤት» ማለት ጀመረ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ሥራው መኪና ውስጥ ቴፕ መግጠም ነው። ቴፕ እንበለው እንጂ ካሴት የሚባለው ነገር ከጠፋ ቆይቷል፤ ዛሬ የሚገጠመው ሾፌሩ እጁን ከመሪው ሳያነሳ ስልክ የሚያወራበት ባለ ስክሪን ዕቃ ነው። ድምፁ በመኪናው ስፒከር ይወጣል፣ የሾፌሩን ድምፅ ደግሞ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ማይክ ትቀበላለች። የዚህ ሥራ ጣጣው ሁሉ ያለው በዚህች ማይክ ላይ ነው። ቦታዋን ካላወቁላት ታሳብዳለች።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ ጥፋቱ መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚሰቃየው ግን መኪናው ውስጥ የሌለው ሰው መሆኑ ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲናገር ድምፁ በስፒከሩ ይወጣል። ማይኳ ስፒከሩ አጠገብ ከተደረገች ያንን ድምፅ መልሳ ትለቅመውና ወደ ባለቤቱ ትልከዋለች፤ ሰውየው እያንዳንዱን ቃሉን ትንሽ ዘግይቶ ከራሱ አፍ እንደወጣ ይሰማዋል። ሾፌሩ ግን ምንም አይሰማውም። ለሱ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። እንዲያውም «ምን ነካህ፣ ምን ያንተባትብሃል?» ብሎ ይቆጣል። ድምፅ መታፈንም እንደዚሁ ነው፤ የታፈነ ሰው መታፈኑን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። ስለዚህ ማይክ የሚገጥም ሰው ማዶ ሆኖ የሚሰማለት ጆሮ ያስፈልገዋል። ጆሮ የሌለው ገጣሚ በጨለማ ፂሙን እንደሚላጭ ሰው ነው።

ሀሎ ጆሮ ነበረው። ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት ማሽኗ አለ፣ ከማሽኗ አጠገብ ስልኳ። የመጀመሪያውን የስልክ ማነጋገሪያ የገጠመ ዕለት፣ ደንበኛው ከኋላው ቆሞ እየጠበቀው፣ ሌላ የሚደውልለት ሰው ስላላገኘ ቤቱ ደወለ። አነሳች። «ሀሎ፣ እንዴት ነው የምሰማው?» አላት። «አንተን ተወው፣ እኔን ራሴን እየሰማሁ ነው» አለችው። ማይኳን ከዳሽቦርዱ አንስቶ ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ የፀሐይ መከላከያው አጠገብ አደረጋትና እንደገና ደወለ። «አሁን ቁልጭ ብለሃል» አለችው። ያቺ ቃል የሥራው ማኅተም ሆነች። ሚስቱ «ቁልጭ ብለሃል» ያላለችው መኪና ከግቢው አይወጣም።

ሴትዮዋ ደግሞ ጆሮ ብቻ አልነበረችም። ዓመታት ሲያልፉ ማይኳ የት እንዳለች ሳታይ መናገር ጀመረች። «ነፋስ ይዞሃል» ካለች ማይኳ የማቀዝቀዣው አየር የሚወጣበት አፍ ላይ ናት። «ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሃል» ካለች የኮርኒሱ ጨርቅ ማይኳን ሸፍኗታል፣ ወይም የማይኳ ቀዳዳ ወደ ሾፌሩ አፍ መሆኑ ቀርቶ ወደ መስታወቱ ዞሯል። «ትቆራረጣለህ» ካለች ድምፅ ማጣሪያው ከልክ በላይ ተጠብቋል፤ ጫጫታውን ሊበላ ገብቶ ሰውየውንም አብሮ እየበላው ነው። «ራሴን ሰማሁ» ካለች ማይኳ ከስፒከሩ ትራቅ፣ የጥሪው ድምፅ ይቀነስ ማለት ነው። ደንበኞች በስም ሳያውቋት ያከብሯት ነበር። «የሀሎ ጆሮ አይታ ያሳለፈችው ነው» ይሉ ነበር፣ ጆሮ እንደሚያይ ነገር።

ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ነገር ብዙ አላወሩም፤ መጀመሪያ ስላመማቸው፣ ኋላ ዝምታው ስለቆየ። ማታ ማታ ቤታቸው ጸጥ ያለ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ሲናገር ስለሚውል አፉ ይዝላል፤ እሷ ደግሞ ማሽኗን ዘግታ እግሯን ታሻለች። ወሬ ካላቸው የሚያወሩት ቀን ነው፣ ያውም በማይክ በኩል። እሱ «እንዴት ነኝ?» ይላል፣ እሷ ትመልሳለች፣ አንዳንዴም «ጨው አልቋል» ወይም «ጣሪያው እንደገና አፈሰሰ» ብላ ትጨምራለች። እሱ ግን ደንበኛው ሰዓቱን እያየ ስለሚቆም «እሺ፣ እሺ፣ በኋላ» ብሎ ይዘጋዋል። በኋላ የሚባለው ጊዜ ብዙ ጊዜ አይመጣም ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ዓመት የሀሎ እጅ ተባረከ። እሱ ነው ተባረከ ያለው። በፊት ማይኳን ሦስቴ አራቴ ሳያዟዙር አይሆንለትም ነበር፤ አሁን በመጀመሪያው ሙከራ «ቁልጭ ብለሃል» ትለዋለች። ያለ ጭንቅ፣ ያለ ድካም። ደረቱ አበጠ። ለጎሚስታውም «ይኸውልህ፣ ሥራ ማለት ዕድሜ ነው፤ አሁንማ ማይኳ ራሷ ቦታዋን ትነግረኛለች» ብሎ ጎረረበት። ጎሚስታው የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ ሰው ሳይሳሳት መኖር ከጀመረ የሚያስፈራው ያኔ ነው ብሎ መለሰለት። ሀሎ ይህን ቅናት ነው አለ።

ከዚያ አንዲት ደላላ ደንበኛው ተመልሳ መጣች።

ደላላዋ ቤት የምታከራይና የምታሻሽጥ፣ ከስልኳ ጋር አብራ የተወለደች የምትመስል ሴት ናት። ቢሮዋ መኪናዋ ነው። ከገጠመላት ሁለት ሳምንት አልሞላም። ከመኪናዋ ወርዳ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ፣ ደንበኞቿ ስልክ እየዘጉባት እንደሆነ ነገረችው። ስለ ቤቱ መናገር እንደጀመሩ ይደነግጣሉ፣ ይንተባተባሉ፣ «ቆይ መልሼ ልደውል» ይላሉ፣ አይደውሉም። ሀሎ የሰዎቹ ስልክ ነው አላት። ኔትወርኩ ነው አላት። በመጨረሻም፣ ራሱም የማይወደውን ነገር ተናገረ፦ ሚስቱ ሰምታ ያሳለፈችውን ሥራ ማንም ሊያወጣለት አይችልም አላት።

«ጋሼ፣ እኔ ሚስትዎን አልነካሁም» አለችው። «ዞሬ ልደውልልዎ፣ ራስዎ ይስሙት።»

መኪናዋን አስነስታ ከጥጉ ባሻገር ተሰወረች። ስልኩ ጮኸ። አነሳና «ሀሎ» አለ። አንድ አፍታ ቆይቶ «ሀሎ» የሚል ሽማግሌ መለሰለት። «ማነህ?» አለ። «ማነህ?» አለው ሽማግሌው። በስንቱ መኪና ሲገጥም ኖሮ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ አያውቅም ነበር፤ ሰው የራሱን ድምፅ እየሰማ መናገር እንዴት እንደሚከብድ ያወቀው ያን ቀን ነው። ምላሱ ተሳሰረ። ደላላዋ በመሃል «ሰሙት? ሰሙት አይደል?» ትላለች፣ እሱ ግን ስለ መኪናው አልነበረም የሚያስበው። ይህንን ሚስቱ ሰምታዋለች። ሰምታም ቁልጭ ብለሃል ብላዋለች።

መኪናዋ ስትመለስ ማይኳን አየ። የመሪው ቋሚ ላይ ነበር የለጠፋት፣ ከበሩ ስፒከር ጋር ፊት ለፊት። ለሙከራ ያህል፣ እንደማይሆን እያወቀ ያደረጋት ቦታ ነበር፤ ሚስቱ ስላሳለፈችው እዚያው ቀረች። የጥሪው ድምፅ እስከ ጫፍ ተከፍቷል፣ የማይኳም ኃይል እንደዚያው። ያ ሁሉ የተባረከ እጅ ይህ ነበር።

ለደላላዋ ጥቂት ታገሺኝ አላትና ጎሚስታው ጋ ወንበር አስቀረበላት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማይኳን ነቅሎ ይባስ ብሎ ስፒከሩ ወንፊት ላይ አስጠጋት። ስክሪኑ ላይ ገብቶ ማስተጋባት የሚከላከለውን ሴቲንግ አጠፋው። ከዚህ የከፋ ሥራ በምድር ላይ የለም። ቤቱ ደወለ።

አነሳች። «ሀሎ፣ እንዴት ነኝ?» አላት።

«ቁልጭ ብለሃል» አለችው ወዲያው። «ዝጋው።»

ልቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ ግማሹ ተቆጣ፣ ግማሹ ፈራ። ምናልባት ሰልችቷታል አለ። ምናልባት ሥራ በዝቶባት ነው አለ። ለደላላዋ መኪናው እስከ ነገ እዚያው ያድር ዘንድ ለመናት፣ ሱቁን ለጎሚስታው አደራ ብሎ ገና በምሳ ሰዓት ወደ ቤቱ ሄደ።

በሩ ክፍት ነበር። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሄዳለች። ኮቴው ጣውላው ላይ ጮኸ፤ አልዞረችም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልዞረችም። እዚያው ደፍ ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣና ደወለላት።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በራና እንጨቱን አንቀጠቀጠው። ያኔ እጇን የማሽኗ መዘውር ላይ አሳርፋ አቆመችው፤ ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። እሱ አንድ ቃል አልተናገረም። አልተነፈሰም ማለት ይቻላል። እሷ መስኮቱን እያየች፣ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ የሚጨርስበትን ያህል ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን አሳምራ «ቁልጭ ብለሃል» አለች።

ስልኩን አስቀመጠችው። ግን ወደ ማሽኗ አልተመለሰችም፤ የስልኩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እያየችው ተቀመጠች። ሀሎ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወጣ። ግቢው ውስጥ ትንሽ ቆሞ፣ የቤቱን በር ወለሉ እስኪነቃነቅ ገጭ አድርጎ እንደ አዲስ ገባ። ዞር ብላ አየችውና በደህና ነው ወይ በዚህ ሰዓት የመጣኸው አለችው። ራሱን ነቀነቀላት። ምሳቸውን በዝምታ በሉ፤ እንደ ልማዳቸው ነው፣ ግን ያ ዝምታ የዛሬውን ያህል ከብዶት አያውቅም።

በማግስቱ የደላላዋን መኪና አስተካከለ። ማይኳን ከሾፌሩ በላይ፣ ከስፒከሮቹ ሁሉ ርቃ፣ ቀዳዳዋ የሴትዮዋን አፍ እንዲያይ አድርጎ አሰረ። የማስተጋባት መከላከያውን መለሰ፣ የጥሪውን ድምፅ ዝቅ፣ የማይኳን ኃይል መካከለኛ አደረገው። ለጆሮነት የቀረው ጎሚስታው ብቻ ነበር። ጎሚስታው ከሱቁ ጀርባ ሄዶ ስልኩን በጥቁር እጁ ይዞ አደመጠ። እንዴት ነኝ ሲለው «ጋሼ፣ ልክ እንደ ጋሼ ነው» አለው። ሀሎ እንዲህ ያለ ጆሮ ለጠላት አይስጥ አለ። ቢሆንም ቀስ በቀስ አስተማረው፣ ጎሚስታውም ቢያንስ ራሱን ሲሰማ «ኧረ የኔ ድምፅ ነው» ማለትን ቻለ። ሥራው ዳነ።

ሥራው ይዳን እንጂ ሀሎ ቤቱ መደወል አቆመ። ምን ብሎ ይደውል? ውሸቷን እየሰማ «እሺ» ማለት አልቻለም፤ ውሸትሽን አውቄያለሁ ማለትም አልቻለም። ማይክ ካልሆነ ደግሞ የሚደውልበት ሌላ ምክንያት በራሱ ውስጥ ሲፈልግ አጣ። ይህን ሲያውቅ ደነገጠ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ የቤቱን ቁጥር እስከ ግማሽ እየነካ ይተወው ነበር።

እሷም አየችው። መጀመሪያ ቀን ማታ፣ ዛሬ መኪና አልገባም ወይ ብላ ጠየቀችው። ሥራ ቀዝቅዟል አላት። ሌላ ቀን ገበያው እንዴት ነው አለችው። ደህና ነው ብሎ በእጁ ምልክት መለሰላት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። አንድ እሑድ ግን ስልኳ ከማሽኗ አጠገብ እንደሌለ አስተዋለ። መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከአሮጌ ቁልፍ ጋር አስቀምጣዋለች። ያችን ባዶ ቦታ ቆሞ አያት።

ፊት ለፊቷ ሄዶ ተቀመጠ። ምን እንደሚል ሳያውቅ አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ሌላ ጆሮ አገኘህ አይደል?» አለችው።

ከወለሉ ላይ የጨርቅ ቁራጭ አነሳ።

«ጎሚስታው ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። ሳቅ አለች፤ እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ጎሚስታው ስልክ ይዞ ሲያደምጥ ታይቷት መሰለ። ከዚያ ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«መጀመሪያ ማስተጋባቱ ነው የጠፋኝ» አለችው፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች። «ቀጥሎ ቃሉ ጠፋኝ። አሁን ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚመጣው። አንተ መሆንህን አውቃለሁ፣ የምትለውን ግን አላውቅም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ከንፈሩን አየችና ደግመህ በለው አለችው። ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ ደገመው።

ከቀሚሷ ላይ ክር ለቀመች። «ብነግርህ» አለችው፣ «ለምን ትደውልልኝ ነበር?»

ሀሎ ጥሪዎቹን ወደ ኋላ ቆጠረ። ያንን ሁሉ ዘመን፣ ከስንት መኪና፣ በስንት ሰው ስልክ ደውሎላታል፤ አንድ ቀን እንኳ ማይክ ሳይዝ ደውሎላት አያውቅም። ስለ ጨው ሊሰማት፣ ስለ ጣሪያው ሊሰማት፣ እንዲያው ድምፅዋን ሊሰማ ደውሎ አያውቅም። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ ከመዘውሩ ላይ እጇን ሳታነሳ የጠበቀችው ያቺን ጥሪ ነበር። በዚያ ሰዓት ቢሞት ይሻለው ነበር፤ ግን ሰው እንዲህ ባለ ነገር አይሞትም፣ ተነስቶ ሌላ ነገር ይሠራል እንጂ።

ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ መረመራትና ጆሮዋ ወፍራሙን ድምፅ አሁንም እንደሚይዝ፣ የጠፋው ቀጭኑ እንደሆነ፣ ቃልን ከቃል የሚለየው ደግሞ በአብዛኛው ቀጭኑ እንደሆነ አስረዳቸው። ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ተሰጣት። ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ግን የማሽኑን ካካታ እያጎላ ራሷን ስለሚበጠብጣት አውልቃ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ከቤት ሲወጣ እሷ ማሽኑ ላይ ናት፣ ማታ ሲመለስም ማሽኑ ላይ። እሱ የሚደውልበት ሰዓት ሁሉ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ያኔ ሀሎ የሚያውቀውን ሥራ ለመሥራት ወሰነ። ከሱቁ አሮጌ ባለ ስክሪን ቴፕ፣ አንድ ማጉያና ከተገለበጠ መኪና የወጡ ሁለት የበር ስፒከሮች ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ቤታችንን ሚኒባስ አደረግኸው አለችው። ስፒከሮቹን ከፊት ለፊቷ መደርደሪያ ላይ ሰቀለ፤ ማጉያው ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ቀጭኑን ጨመረው፣ ቃሉ እንዲለይላት። ማይኳን በማሽኗ አምፖል ክንድ ላይ፣ የሚስቱ አፍ አጠገብ፣ ቀዳዳዋን ወደ ሚስቱ ጀርባዋን ወደ ስፒከሩ አድርጎ አሰራት። ስልኳንም ሲደወል ሳትነካው ራሱ እንዲያነሳ አደረገው። ብርሃን እያየች መዘውር ማስቆም፣ ልክ እንደሰማ ሰው ሆና መጠበቅ ቀረላት።

ከሱቁ ደወለ። «ሀሎ» አለ። «ሀሎ» አለው ቤቱ።

ስፒከሩ ለሷ እንዲደርስ እስከ ጫፍ ተከፍቷል፣ ክፍሏም ጠባብ ናት፤ ማይኳ የትም ብትዞር የሱን ድምፅ ትለቅመዋለች። ቤቱ ሄዶ መከላከያውን እስከ መጨረሻው ጨመረና ተመለሰ። አሁን የራሱ ድምፅ ጠፋ። ግን የሷም ድምፅ ጠፋ። ዱሮም ለስላሳ ነበር፤ መከላከያው ከስፒከሩ ድምፅ ጋር አብሮ ይቆርጠዋል፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የሚደርሰው ጭራው ብቻ ሆነ። ሄደ፣ ቀነሰ፣ ተመለሰ። ሄደ፣ ጨመረ፣ ተመለሰ። ጎሚስታው ጋሼ ዛሬ ምን ጠፋብህ እያለ ያየው ነበር። በመጨረሻ ነገሩ ሁለት መሆኑ ገባው፦ ወይ ራሱን ሳይሰማ እሷንም ማጣት፣ ወይ እሷን እየሰማ ራሱንም መስማት። ለደንበኛ እንዲህ ያለ ሥራ አያስረክብም። መከላከያውን ዝቅ አደረገውና ተወው።

ዛሬ ዛሬ፣ አንዳንድ ቀን ትመልስለታለች፣ አንዳንድ ቀን አትመልስለትም። ማሽኑ ሲጮህ ወይም ሐሳብ ሲወስዳት ጥሪው ክፍሉ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ እሷ አታውቀውም። እሱ ግን የራሱ ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማዋል፤ የመስኮቱን ግድግዳ፣ የጨርቁን ክምር፣ የመደርደሪያውን እንጨት ነክቶ የመጣ፣ ያረጀ ድምፅ። ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። ቢሆንም ክፍሏ መድረሱን የሚያውቀው በሱ ነው፣ ሌላ ምልክት የለውም።

ባለፈው ደላላዋ መኪና ቀይራ መጣችና እንደገና አስገጠመች። ጎሚስታው ከሱቁ ጀርባ ሰምቶ አሳለፈው። ሥራው አልቋል፣ ሴትዮዋም ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፏን ትጠብቃለች። ሀሎ ግን አልወረደም። ከመስታወቱ ማዶ የጠቆረውን ሰማይ እያየ ቤቱ ደወለ።

«ሀሎ» አለ። «ሀሎ» ብሎ መጣ። ከኋላው ማሽኑ ካካካ ይላል።

ደላላዋ ግንባሯን ቋጠረች። «ጋሼ፣ ይሄማ ያስተጋባል» አለችው። «ያስተካክሉት እንጂ።»

«ያንቺ አይደለም፣ የኔ ቤት ነው» አላት። «ተዪው፣ ይሁን።»

ደንበኛ አጠገቡ አለ፣ ሰዓቷንም እያየች ነው። ዱሮ ቢሆን በዚህ ሰዓት እሺ፣ በኋላ ብሎ ዘግቶት ነበር። ወደ ማይኳ ጠጋ አለና ስለ ማይክ ያልሆነ ነገር ተናገረ። «ሊዘንብ ነው፤ የሰቀልሽውን ልብስ አስገቢ» አለ። ልብስ አስገቢ፣ አለው ቤቱ፣ በራሱ ድምፅ። ማሽኑ ካካካ ይላል። ሀሎ ጠበቀ። ደላላዋ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ትነካካለች፣ እሱ ግን ይጠብቃል።

ማሽኑ ቆመ።

«አንተ ነህ?» አለች ሚስቱ። «ምን አልከኝ?»

እንደገና ነገራት።